ሳይፈስ የደረቀ ቡና

የአጭር ፊልም ቀረጻ የታሪኩን ቅደም ተከተል አይጠብቅም። ቤቱ የተገኘው ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ የሚሆነው ሁሉ፣ መጀመሪያውም መጨረሻውም፣ በዚያው ቀን ይቀረጻል። የአልባሳት ባለሙያው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው እንበል። ወጣቷ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ከቤት ትወጣለች። ካፌ ቡና ይደፋባታል፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ እድፉን በቦርሳዋ ሸፍና ትቆማለች፤ ማታ ቤቷ ትገባለች። ቀረጻው ግን በመጀመሪያው ቀን ቤቱን፣ በሁለተኛው ሰልፉን፣ በሦስተኛው ካፌውን ይዟል። ቡናው ከመደፋቱ ሁለት ቀን አስቀድሞ እድፉ ደርቆ መታየት አለበት ማለት ነው።

ስለዚህ ዕቅዱ የሚወጣው በታሪኩ ቀን እንጂ በቀረጻው ቀን አይደለም። አራቱም ትዕይንቶች በታሪኩ የአንድ ቀን ናቸው፤ ልብሱም አንድ ነው። የሚለያየው ሁኔታው ነው፦ ንጹሕ፣ እርጥብ፣ ደረቅ። በየትዕይንቱ ቁጥር አንጻር መጻፍ ያለበት ይህ ነው።

እድፉ ቀድሞ ካርቶን ላይ ይቀረጽና ይቆረጣል፤ ቦታውም ይለካል፣ ለምሳሌ ከሁለተኛው አዝራር አራት ጣት ዝቅ ብሎ በግራ በኩል። አንድ ዓይነት ሸሚዞች በአንድ ጊዜ ይገዛሉ፦ አንዱ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፣ አንዱ ይታደፋል፣ የቀሩት ቡናው በተደፋ ቁጥር ይቀየራሉ። አዲሱ ካሮጌው እንዳይለይ ሁሉም ቀድመው አብረው ይታጠባሉ። የታደፈው ከረጢት ላይ «አይታጠብ» ተብሎ ይጻፍ፤ ተባባሪ ሰው አይጠፋም።

እውነተኛ ቡና ግን በካርቶኑ ልክ አይፈስም። መፍትሔው ከዳይሬክተሩ ጋር አስቀድሞ መስማማት ነው፦ ሲኒው ሲዘነበል ይቀረጻል፣ ካሜራው ወደ ፊቷ ይሄዳል፤ ወደ ደረቷ ሲመለስ የለበሰችው የተዘጋጀውን ሸሚዝ ነው፣ ውሃ ተርከፍክፎበት።

ፎቶ የሚነሣው ከመጨረሻው ቀረጻ በኋላ፣ ልብሱ ሳይወልቅ ነው። ከቀረጻ በፊት የተነሣው ብቻውን አይበቃም፤ ስትተውን እጅጌዋን ትሰበስባለችና። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን፣ እድፉም ቀርቦ። የስልኩን የፊት ካሜራ መጠቀም አይመከርም፤ ግራን ቀኝ አድርጎ ሊያስቀር ይችላል። ቅጹ ላይ «እንደ በፊቱ» የሚል ማስታወሻ ዋጋ የለውም። «ቀኝ እጅጌ ሁለት ጊዜ የተጠቀለለ፣ ላይኛው አዝራር ክፍት፣ ቦርሳ በግራ ትከሻ» ሲል ግን ማንም አንብቦ ያለብሳታል።

አንድ ነገር ከቅጹ አቅም በላይ ነው። የትኛው ቀረጻ እንደሚመረጥ የሚታወቀው በኤዲቲንግ ጊዜ ነው። እጅጌው በሦስተኛው ቀረጻ ላይ ከተፈታ «ከ3ኛው ጀምሮ የተፈታ» ተብሎ መመዝገብ አለበት፤ ኤዲተሩ ሁለተኛውን ከአራተኛው ጋር ሲያገጣጥም የሚያየው ይህንን ነው። ካልተጻፈ የሚቀረው አማራጭ ከትከሻ በላይ የተነሣውን ምስል መጠቀም ነው፣ ያ ምስል ከተነሣ።