ግቢው አራት ማዕዘን ካልሆነ ካሬው እንዴት ይወጣል?

ግንበኛ «ስንት ካሬ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሲሚንቶውን፣ አሸዋውንና ጠጠሩን ለማስላት ነው። ቦታው ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ከሆነ ርዝመቱን በወርዱ ማባዛት ነው፤ አለቀ። ብዙ ግቢ ግን እንዲህ አይገኝም። ቤቱ አንዱን ጥግ ይዞ ሲሠራ የተረፈው ባዶ ቦታ ቤቱን በሁለት በኩል ያቅፈዋል፤ ኤል ሼፕ የምንለው ነው። ከዚያም በላይ መንገድ በሰያፍ የቆረጠው ሦስት ማዕዘን ቁራሽ ከጓሮ ይኖራል። ሁለቱም ቦታዎች 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ሊፈስባቸው ነው እንበል።

ከኤሉ እንጀምር። ንድፉ በእጅ የተሞነጫጨረ ቢሆን ግድ የለም፤ ቁም ነገሩ ስድስቱም ጎኖች ላይ ቁጥር መጻፉ ነው። ረጅሙ የውጭ ጎን 12 ሜትር፣ ሌላው የውጭ ጎን 9 ሜትር ነው። ቤቱን የሚነኩት የውስጥ ጎኖች 7 እና 5 ሜትር ናቸው። በ12ቱ ሜትር በኩል የሚሄደው ክንድ ወርዱ 4 ሜትር፣ በ9ኙ በኩል የሚሄደው ደግሞ 5 ሜትር ነው። ከስሌቱ በፊት መደመር ያስፈልጋል፦ 7 እና 5 አሥራ ሁለቱን፣ 5 እና 4 ዘጠኙን መስጠት አለባቸው። ካልሰጡ ወይ ሜትሩ በትክክል አልተነበበም፣ ወይ ግድግዳው ሰያፍ ነው። እንደገና ሄዶ መለካት እንጂ በግምት ማስተካከል አያዋጣም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ክንዶች ለየብቻ አባዝቶ ይደምራል፦ 12 × 4 = 48፣ 9 × 5 = 45፣ ድምሩ 93 ካሬ። ነገር ግን ክንዶቹ የሚገናኙበት ጥግ፣ 5 በ4 የሆነው 20 ካሬ፣ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። መድኃኒቱ ንድፉ ላይ አንድ መስመር ማስመር ነው። ጥጉን ለአንደኛው ክንድ ከሰጠነው ሁለተኛው የሚጀምረው ከመስመሩ ወዲያ ነው፤ 9 ሜትር መሆኑ ቀርቶ 5 ሜትር ይሆናል። እናም 48 ሲደመር 5 × 5፣ 73 ካሬ። ማረጋገጫውም ቅርብ ነው፦ ሙሉው ቦታ 12 × 9 = 108፣ ቤቱ የያዘው 7 × 5 = 35፣ ሲቀነስ 73። ሁለቱ መንገዶች ካልተስማሙ አንዱ ቁጥር ስህተት አለበት።

ሦስት ማዕዘኑ ጎኖቹ 7፣ 6.5 እና 7.5 ሜትር ናቸው። «ሁለት ጎን አባዛ፣ ለሁለት አካፍል» የሚለው ትዝታ ከትምህርት ቤት ይከተለናል፤ የሚሠራው ግን ሁለቱ ጎኖች ቀጥ ያለ ማዕዘን ሲሠሩ ብቻ ነው። እዚህ 7 በ7.5 ተባዝቶ ለሁለት ቢካፈል 26.25 ይወጣል፤ ትክክል አይደለም። የሚፈለገው መሠረቱና ቁመቱ ነው። ቁመቱን ለማግኘት በ7 ሜትሩ ጎን ላይ ሲባጎ ይወጠራል። አንድ ሰው የሜትሩን ዜሮ ከፊት ለፊት ባለው ጥግ ችካል ላይ ይይዛል፤ ሌላው ሜትሩን ወጥሮ በሲባጎው ላይ ወዲያና ወዲህ ያንሸራትታል። ንባቡ እየቀነሰ ሄዶ ተመልሶ መጨመር ይጀምራል፤ ትንሿ ቁጥር ቁመቱ ናት። እዚህ 6 ሜትር ስለሆነ 7 × 6 ÷ 2 = 21 ካሬ።

መሃሉ በክምር አሸዋ ተዘግቶ ሜትር ማሳለፍ ካልተቻለስ? ሦስቱ ጎኖች ይበቃሉ። ድምራቸው 21፣ ግማሹ 10.5 ነው። ከዚህ ላይ እያንዳንዱ ጎን ሲቀነስ 3.5፣ 4 እና 3 ይተርፋሉ። አራቱን ቁጥሮች ማባዛትና በስልክ ካልኩሌተር ስኩዌር ሩት ማውጣት ነው፦

√(10.5 × 3.5 × 4 × 3) = √441 = 21

ይኸው ዘዴ ማዕዘናቸው ለተዛባ አራት ማዕዘኖችም ይሠራል፤ ከጥግ ወደ ጥግ አንድ ሰያፍ ለክቶ ቦታውን ለሁለት ሦስት ማዕዘን መክፈል ነው። የ12 በ4ቱ ክንድ ለምሳሌ፣ ማዕዘኑ ልክ ከሆነ ሰያፉ 12 ሜትር ከ65 ሳንቲ ሜትር ግድም ይመጣል። ከዚያ በእጅጉ ከራቀ ርዝመት በወርድ ማባዛቱ አይታመንም።

እንግዲህ ሁለቱ ቦታዎች ሲደመሩ 94 ካሬ፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 9.4 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው። ለአንድ ሜትር ኩብ 300 ኪሎ፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎው 6 ከረጢት ሲሚንቶ ብንይዝ፣ ወደ 57 ከረጢት ይሆናል። በሁለቱ የተሳሳቱ ስሌቶች ግን ቦታው 119.25 ካሬ፣ ሲሚንቶው 72 ከረጢት ይሆን ነበር። 15 ከረጢት ትርፍ ማለት ነው፤ ደግሞ ሲሚንቶ እርጥበት ካገኘው እየጠጠረ ይበላሻል።

ለብክነት የሚጨመረው ከካሬው በኋላ እንጂ ከልኬቱ ጋር ተደባልቆ መሆን የለበትም። ለኮንክሪቱ 5 በመቶ ይበቃል ብንል 60 ከረጢት ይገዛል። በኮንክሪት ፈንታ ንጣፍ ከሆነ ግን ኤሉና ሦስት ማዕዘኑ እኩል አይታዩም፤ በሰያፉ ጎን ያለው ሸክላ ሁሉ ስለሚቆረጥና ቁርጥራጩም ብዙ ጊዜ ለሌላ ቦታ ስለማይሆን ለሦስት ማዕዘኑ ከፍ አድርጎ፣ እስከ 15 በመቶ መያዝ ይሻላል።