የሙፍቲው መልስና የቃዲው ፍርድ

ፈትዋ በእስልምና ሕግ አንድ ሰው ለገጠመው ጉዳይ አዋቂ ጠይቆ የሚያገኘው መልስ ነው። መልሱን የሚሰጠው ሊቅ ሙፍቲ ይባላል። ሙፍቲ ምስክር አይጠራም፣ ሌላውን ወገን አያስቀርብም፣ ቃል አይቀበልም። በእጁ ያለው ጠያቂው የነገረው ታሪክ ብቻ ነው። የፈትዋ አሠራርም፣ ከሙፍቲው የሚፈለገው ብቃትም፣ ፈትዋ ከፍርድ የሚለይበት መንገድም ከዚህ አንድ ነገር ጋር የተያያዘ ነው።

ለሙፍቲዎች በብዛት ከሚቀርቡ ጥያቄዎች አንዱን እንውሰድ። አንድ ባል ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ በንዴት «ፈትቼሻለሁ፣ ፈትቼሻለሁ፣ ፈትቼሻለሁ» ይላታል። በማግስቱ ንዴቱ ሲበርድለት ወደ ሙፍቲ ሄዶ ትዳሩ እንዳለ ወይም እንደፈረሰ ይጠይቃል። ነገሩ ከባድ ነው፤ ፍቺው አንድ ጊዜ ብቻ ከተቆጠረ ዒዳ የሚባለው የመጠበቂያ ጊዜ ሳያልቅ ሚስቱን መመለስ ይችላል። ሦስት ከተቆጠረ ግን ሌላ ሰው በእውነት አግብታ ያ ትዳር እስካልፈረሰ ድረስ አትመለስለትም።

ሙፍቲው ወዲያው አይመልስም። መጀመሪያ ነገሩን አጥርቶ ማወቅ አለበት። ባልየው የተናገረው ቃል በትክክል ምን ነበር? ከዚህ በፊት ፈቷት ያውቃል? ንዴቱ የሚለውን እስከማያውቅ ድረስ ያደረሰው ነበር ወይስ እያወቀ የተናገረው? ቃሉን ሦስት ጊዜ የደጋገመው ሦስት ፍቺ አስቦ ነው ወይስ የመጀመሪያውን ለማጠንከር? ከዚህ በኋላ የሰማው ታሪክ በሕጉ ውስጥ የትኛው ርዕስ ላይ እንደሚያርፍ ይለያል። ከዚያም የቁርአንና የሐዲስ ማስረጃውን፣ ሊቃውንት የተስማሙበትንና የተለያዩበትን ይመለከታል። በመጨረሻ ደግሞ ያገኘውን ብይን ፊቱ በተቀመጠው ሰው ሁኔታ ላይ ያውለዋል። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት በመጀመሪያው ደረጃ ነው። መጽሐፉን በትክክል አንብበው፣ ላልተጠየቁት ጉዳይ ትክክለኛ መልስ ይሰጣሉ።

አራቱ የሱኒ መዝሀቦች በአንድ ንግግር የተሰጠ ሦስት ፍቺ ሦስት ሆኖ ይቆጠራል የሚለውን ይዘዋል። በ1328 ያረፈው ኢብን ተይሚያ አንድ ብቻ ነው ብሎ ከብዙኃኑ ተለይቷል። ባልየው «የደጋገምኩት ለማጠንከር ነው» ሲል ግን ነገሩ ይቀየራል። በሐነፊ መዝሀብ ሙፍቲው ይህን ቃል ተቀብሎ «በአንተና በአላህ መካከል አንድ ፍቺ ነው» ሊለው ይችላል፤ ሐሳቡን የሚያውቀው እሱ ራሱ ነውና። ጉዳዩ ቃዲ ፊት ቢቀርብ ግን ቃዲው በአፍ የወጣውን እንጂ በልብ የነበረውን አይመዝንም፤ ሦስት ብሎ ይፈርዳል። የመዝሀቡ ሊቃውንት ሚስትየዋንም በቃዲው ቦታ ያስቀምጧታል። በጆሮዋ የሰማችው ሦስት ፍቺ ስለሆነ፣ ለባልየው የተሰጠው ፈትዋ እሷን ወደ ቤት እንድትመለስ አያስገድዳትም። አንድ ቃል፣ አንድ መዝሀብ፣ ግን እንደ መድረኩ የሚለያይ መልስ።

ባልየው ዋሽቶ ቢሆንስ? ሙፍቲው ከተነገረው ውጭ አያውቅም፤ በሐሰት ላይ የተሰጠ ፈትዋ ደግሞ ለዋሾው የተከለከለውን አይፈቅድለትም። ለዚህ ነው የፈትዋ ሥነ ሥርዓት መጻሕፍት ለአጻጻፉ ያን ያህል የሚጠነቀቁት። ለምሳሌ በ1277 ያረፈው የሻፊዒው ሊቅ ነወዊ በዚህ ላይ ሰፊ ምዕራፍ ጽፏል። ሙፍቲው ስለ ጉዳዩ ከሌላ ሰው የሰማው ነገር ቢኖር እንኳ በጥያቄው ወረቀት ላይ በሰፈረው መሠረት ይመልሳል። በመልሱ መካከል ሌላ ሰው ቃል የሚያስገባበት ባዶ ቦታ አይተውም። ግልጽ ያልሆነውን «ነገሩ እንዲህ ከሆነ» ብሎ ያስረዋል፤ መጨረሻውን ደግሞ «አላህ ይበልጥ ያውቃል» ብሎ ይዘጋል። ሲቆጣ፣ ሲራብ ወይም እንቅልፍ ሲያሸንፈው ፈትዋ መስጠት የለበትም።

ሙፍቲ ለመሆን ሙስሊም፣ ለአካለ መጠን የደረሰ፣ አእምሮው የተስተካከለና በሃይማኖቱ የታመነ መሆን ያስፈልጋል። ዓረብኛን፣ ቁርአንና ሐዲስን፣ ብይን ከማስረጃ የሚወጣበትን የኡሱል ትምህርት ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። በዚህ ሁሉ በራሱ መፍረድ የሚችለው ሊቅ ሙጅተሂድ ይባላል። በየዘመኑ የሚበዙት ግን የአንድን መዝሀብ ብይኖች አጥንተው ከዚያ የሚመልሱ ናቸው። የአገሩን ልማድ ማወቅም ግዴታ ነው። «ከቤቴ ውጪ» የሚለው ቃል በአንድ አገር ፍቺ ሲሆን በሌላው አገር የንዴት ንግግር ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ልማዱን የማያውቅ ሙፍቲ ትዳር ያለአግባብ ያፈርሳል። ከዚህ ውጭ ሴት፣ ዓይነ ስውር፣ በጽሑፍ መልስ የሚሰጥ ዲዳም ሙፍቲ መሆን ይችላሉ። ለገዛ አባቱ ወይም ለልጁ ፈትዋ መስጠትም አይከለከልም። ቃዲነት ግን ጠበቅ ያለ ነው፤ ብዙኃኑ ሊቃውንት ቃዲው ወንድ እንዲሆን ይጠይቃሉ፣ ለቅርብ ዘመዱ መፍረድም አይፈቀድለትም። ልዩነቱ የሚመጣው ከሥልጣን ነው። ሙፍቲ ያሳውቃል፣ ቃዲ ያስገድዳል።

ይህን ልዩነት በአንድ መጽሐፍ ለይቶ የጻፈው በ1285 ያረፈው የግብፁ የማሊኪ ሊቅ ቀራፊ ነው። እንደሱ አገላለጽ ሙፍቲ የሌላውን ቃል እንደሚያደርስ አስተርጓሚ ነው፤ ቃዲ ግን እንደ ወኪል የራሱን ትእዛዝ ይሰጣል። ከዚህ የሚከተሉ ነገሮች አሉ። ፈትዋ ተመሳሳይ ሁኔታ ያለበትን ሰው ሁሉ ይመለከታል፤ ፍርድ ግን የተከራካሪዎቹን ጉዳይ ብቻ ይቆርጣል። ስለ ሶላትና ጾም ፈትዋ እንጂ ፍርድ የለም፤ ማንም ቃዲ ሶላትህ ውድቅ ነው ብሎ ሊፈርድ አይችልም። ፈትዋ ያልጣመው ሰው ሌላ ሙፍቲ መጠየቅ ይችላል። ሊቃውንት በተለያዩበት ጉዳይ ላይ ቃዲ ከፈረደ ግን በዚያ ጉዳይ ክርክሩ ይዘጋል። በግብፅ የ1929 ሕግ ከቁጥር ጋር የተነገረ ፍቺ አንድ ብቻ እንዲቆጠር ከደነገገ ወዲህ፣ «በሦስት ፈትቼሻለሁ» ያለ ባል ጉዳይ በፍርድ ቤት የሚያልቀው በዚያው ነው። በዚያው አገር ፍርድ ቤት የሞት ቅጣት ከመወሰኑ በፊት መዝገቡን ለዋናው ሙፍቲ ይልካል፤ የሙፍቲው አስተያየት ግን ዳኞቹን አያስገድድም።

በኢትዮጵያም ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን አሉ። ፈትዋ የሚገኘው ከኡለማ ነው፤ ፍርድ ግን በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ከተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችና ከየክልሉ ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ትዳርን፣ ፍቺን፣ ቀለብን፣ ውርስንና የመሳሰሉትን የሚያየው ተከራካሪዎቹ ፈቃዳቸውን ሲሰጡ ነው፤ መሠረቱም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ነው። ስለዚህ ያ ባል «አንድ ፍቺ ነው» የሚል ፈትዋ በእጁ ይዞ ቢቀርብ፣ ወረቀቱ የሊቅ አስተያየት እንጂ ማስረጃ አይሆንለትም። ቃዲው ሚስትየዋን ይሰማል፣ ምስክር ይጠይቃል። እሷ በሸሪዓ ለመዳኘት ካልተስማማች ደግሞ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ንብረቱም በቤተሰብ ሕጉ ይከፈላል።