ኪራዩ በብር፣ ዕዳው በዶላር

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ባልና ሚስት አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው ካርታ የወጣበት ቦታ አላቸው እንበል። በ240 ካሬ ሜትር ወለል ጂ ፕላስ ዋን ቤት ሠርተው ለአራት ቤተሰብ ማከራየት ይፈልጋሉ። ለስሌቱ እንዲመቸን አንድ ዶላር 140 ብር፣ የግንባታው ወጪ ደግሞ በካሬ 35,000 ብር ይሁን። ጠቅላላው 8.4 ሚሊዮን ብር ወይም 60,000 ዶላር ይሆናል ማለት ነው።

እያንዳንዱ ቤት በወር 20,000 ብር ቢከራይ ዓመታዊው ገቢ 960,000 ብር ነው። ብዙ ሰው ስሌቱን እዚህ ላይ ያቆማል። ነገር ግን ተከራይ ሲለቅና አዲስ እስኪገባ የሚባክነው ጊዜ በአማካይ የአንድ ወር ኪራይ ቢያሳጣ 80,000 ብር ይቀነሳል። ለጥበቃና ቤቱን ለሚከታተል ሰው በወር 10,000፣ በዓመት 120,000 ብር እንያዝ። የውኃ ፓምፕ ይቃጠላል፣ ጣሪያ ያፈሳል፣ ቀለም ይታደሳል፤ ለዚህ የግንባታውን ወጪ አንድ በመቶ፣ 84,000 ብር፣ በየዓመቱ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ለኪራይ ገቢ ግብርና ለከተማ ክፍያዎች 126,000 ብር ብንይዝ እጅ ላይ የሚቀረው 550,000 ብር፣ ማለትም 3,930 ዶላር ገደማ ነው። ካወጡት ገንዘብ ስድስት ከመቶ ተኩል ያህል ይሆናል። መጥፎ አይደለም።

ችግሩ ቀጥሎ ይመጣል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ወር በወር 80,000 ብር ኪራይ የሚሰበስብ ሰው ገቢው በዶላር ከ1,400 ወደ 800 ዝቅ አለበት። ኪራዩን በዚያው ልክ ልጨምር ቢል ደግሞ አይችልም። በመጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ ከሚያሳውቀው መጠን እንዳያልፍ ይደነግጋል። የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ተከራይን ከድንገተኛ ጭማሪ የሚያድን ሕግ በመሆኑ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ከውጭ የሚያቅድ ባለቤት ግን በስሌቱ ውስጥ ሊያስገባው ይገባል።

እንግዲህ ኪራዩ በዓመት አምስት ከመቶ፣ ዶላሩ ደግሞ አሥራ ሁለት ከመቶ ይጨምር። ፓምፕም ሆነ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ከውጭ ስለሚገባ፣ የጥበቃ ደመወዝም ከኑሮ ውድነት ጋር ስለሚሄድ፣ የእድሳትና የጥበቃ ወጪው ከዶላሩ ጋር እኩል ይጨምራል። በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ የተጣራው ገቢ ከ550,000 ወደ 603,000 ብር ገደማ ያድጋል። ዶላሩ ግን 247 ብር ስለሚገባ ያ ገንዘብ 2,440 ዶላር ብቻ ይሆናል። በብር አድጎ በዶላር ከሲሦው በላይ አጥቷል።

ይህ ሁሉ የሚያስጨንቀው ገንዘቡ የት እንደሚውል በማየት ነው። ባልና ሚስቱ ለወላጆቻቸው በየወሩ 300 ዶላር ይልኩ ከነበረ፣ ያ በ140 ብር ስሌት በዓመት 504,000 ብር ነው። ኪራዩ ይህን ወጪ ከሸፈነ ብሩ ወደ ዶላር መመለስ አያስፈልገውም፤ 3,600 ዶላሩ ሜሪላንድ ይቀራል። ሥጋታቸው ከዚያ በኋላ የምንዛሪ ሳይሆን የገበያው ዋጋ ነው፦ ጤፉና መድኃኒቱ ከኪራዩ ፈጥነው ይወደዱ ይሆን?

ገንዘቡ ለባንክ ዕዳ የታሰበ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ባልና ሚስቱ አሜሪካ ያለውን ቤታቸውን አስይዘው 40,000 ዶላር በስምንት ከመቶ ወለድ ለአሥር ዓመት ቢበደሩ፣ የዓመቱ ክፍያ 5,800 ዶላር ያህል ነው። የመጀመሪያው ዓመት ኪራይ ሙሉ በሙሉ ቢላክ እንኳ 1,900 ዶላር ገደማ ከደመወዛቸው መጨመር አለባቸው። በአምስተኛው ዓመት ጉድለቱ ወደ 3,400 ይደርሳል። ለዚያውም ግንባታው በሚወስደው ጊዜ ኪራይ እንደሌለ፣ ብሩን ዶላር አድርጎ ወደ ውጭ መላክም ቀላል እንዳልሆነ ሳንቆጥር ነው።

ቤቱና ቦታው ዋጋቸውን ሊጠብቁ ይችላሉ፤ ኪራዩ ግን በብር የተሰፈረ ነው። ስለዚህ ለመሥራት ያሰበ ቤተሰብ በቁጠባው ይሥራ፤ ዶላሩንም በአንድ ጊዜ ሳይመነዝር በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ይዞ ለመሠረቱ፣ ለኮለኑና ለሶሌታው፣ በመጨረሻም ለፊኒሺንጉ በየደረጃው ያውጣ። መሠረት ከማስቆፈሩ በፊትም ስሌቱን በ250 ብር ዶላር ደግሞ ይሥራው። በዚያ ዋጋ ወርሃዊ ኑሮውን የሚያናጋ ከሆነ ግንባታውን ያቆየው።