ሰዓት የተሞላለት መልእክት

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2013 አጋማሽ የአየርላንድ የምግብ ደህንነት ተቋም ሰውን ያስደነገጠ የምርመራ ውጤት ይፋ አደረገ፤ የበሬ ሥጋ ተብለው በሚሸጡ በርገሮች ውስጥ የፈረስ ሥጋ ተገኘ። ቴስኮ በተባለው የብሪታንያ የገበያ መደብር ይሸጥ በነበረ አንድ ናሙና ውስጥ መጠኑ 29 በመቶ ደርሶ ነበር። ደንበኞች ተቆጡ፤ መደብሩም ምርቶቹን ከመደርደሪያ አንስቶ ይቅርታ ጠየቀ።

በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት የመደብሩ የትዊተር ገጽ ተከታዮቹን ተሰናበተ፤ የመኝታ ሰዓት ስለደረሰ «ድርቆሹን ልንመታ ነው» አለ። በእንግሊዝኛ ይህ አነጋገር «ልንተኛ ነው» ማለት ብቻ ነው። በዚያ ሳምንት ግን ድርቆሽ የሚለው ቃል ፈረስን አስታወሰ፤ ብዙዎችም መደብሩ በጉዳዩ የቀለደ መሰላቸው።

መልእክቱ የተጻፈው ወሬው ከመሰማቱ በፊት ነበር። ሰዓት ተሞልቶለት ተራውን ሲጠብቅ ቆይቶ በራሱ ወጣ። የገጹ ሠራተኞች መልእክቱ ቀድሞ የተዘጋጀ መሆኑን ገልጸው፣ ለመቀለድ አለማሰባቸውን ተናግረው ይቅርታ ጠየቁ። ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ በግልጽ መናገራቸው ተገቢ ነበር።

የተረሳው ነገር ግን ሌላ ነው። መደርደሪያው ሲጸዳ ተራ የሚጠብቁት መልእክቶችም ወዲያው መቆም ነበረባቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው እያንዳንዱን በዕለቱ ዜና ዓይን እንደገና ማንበብ አለበት፤ ትናንት ንጹሕ የነበረ ቃል ዛሬ ሊያቆስል ይችላልና።