ከዳንግላ መምህር ደመወዝ እስከ ግምጃ ቤት ሰነድ፦ የጡረታ ወጪ በዓመታት ውስጥ

በ1955 ዓ.ም. በወጣው የጡረታ አዋጅ ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 6 በመቶ ያዋጡ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 መዋጮውን ቀስ በቀስ ወደ 7 እና 11 በመቶ አሳደገው። አበሉ ግን ከተዋጣው ገንዘብ ጋር አይያያዝም፤ ቀመሩ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰባል፣ ከዚያ በኋላ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል።

ይህ ምን እንደሚያስወጣ ለማየት 30ኛ ዓመቱን ጨርሶ ጡረታ የሚወጣ የዳንግላ መምህር እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የተመረጡ ናቸው። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ቢሆን አበሉ 55 በመቶ፣ ማለትም በወር 5,500 ብር ነው። የመጨረሻው ዓመት ብቻ 125 ብር ጨምሮለታል። ጡረታው የ12 ዓመት አበል ያህል ዋጋ አለው ካልን፣ የዚያ ዓመት የአገልግሎት ወጪ 18,000 ብር ይሆናል። የሁለቱ ወገን መዋጮ ለዓመቱ 21,600 ብር ስለሆነ እስከዚህ ድረስ ይበቃል።

ችግሩ ከኋላ ይመጣል። በ29 ዓመት የተጠራቀመው ግዴታ በዓመቱ መጀመሪያ 700,000 ብር ገደማ ነው። በ10 በመቶ ምጣኔ ሲታሰብ ክፍያው አንድ ዓመት ስለቀረበ ብቻ 70,000 ብር የወለድ ወጪ ይጨመራል። ፈንዱ ውስጥ 400,000 ብር ኖሮ 3 በመቶ ቢያተርፍ ትክክለኛው ትርፍ 12,000 ብር ነው። የጡረታ ወጪው 18,000 ሲደመር 70,000 ሲቀነስ 12,000፣ ማለትም 76,000 ብር ይሆናል። ፈንዱ 700,000 ብር ኖሮት 10 በመቶ ቢያተርፍ ኖሮ ወጪው 18,000 ብር ብቻ ነበር።

ዓመታቱን ወደ ኋላ ስመለከት የደከመው ሦስተኛው ቁጥር፣ ማለትም የፈንዱ ትርፍ ነው። እስከ 2012 ዓ.ም. የጡረታ ገንዘብ የሚውልበት የግምጃ ቤት ሰነድ ከ3 በመቶ በታች ይከፍል ነበር፣ የዋጋ ንረቱ ግን ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት አሃዝ ነበር። በዚያ ዓመት ገበያ መር ጨረታ ተጀምሮ ወለዱ ከፍ ማለት ጀመረ፤ ሆኖም በ2014 ዓ.ም. ንረቱ ከ30 በመቶ አለፈ። የዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 1267 ፈንዱ በሌሎች አትራፊ ሥራዎችም እንዲውል በር ከፈተ። በእኔ እምነት ይህ መዋጮ ከመጨመር ይልቅ ቀድሞ መደረግ የነበረበት ነው።

የአሠሪው መዝገብ፣ ለምሳሌ የእንጅባራ የባንክ ቅርንጫፍ መዝገብ፣ ይህን ጉድለት አያሳይም። ባንኩ 11 በመቶውን ከፍሎ ወጪ አድርጎ ይዘጋል፤ የቀረው አደጋ የፈንዱ ነው። በአሁኑ ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃም በተገመተው ወለድና በትክክለኛው ትርፍ መካከል ያለው ልዩነት ከትርፍና ኪሳራ ውጭ ይመዘገባል። ስለዚህ የአንድ ዓመት የወጪ መስመር ብቻ የሚያነብ ሰው የግምጃ ቤት ሰነዱ ያስከተለውን ጉድለት አያገኘውም፤ የግዴታውንና የፈንዱን ልዩነት ከዓመት ዓመት ማነጻጸር አለበት።