ከጓዳ ወደ ገበያ ክፍል

በአንድ መካከለኛ የባልትና ድርጅት የገበያ ክፍል የሚሠራ ሰው ጠረጴዛው ላይ «ስፖንሰር አድርጉን» የሚል ደብዳቤ አያጣም። የሰፈር እግር ኳስ ቡድን ማሊያ ይጠይቃል፤ የተመራቂ ተማሪዎች ኮሚቴ ለመጽሔት ማሳተሚያ ይጠይቃል፤ ማኅበሩ ለበዓል ዘይትና ዱቄት ይጠይቃል። ደብዳቤዎቹ ይመሳሰላሉ፤ መጀመሪያ የጠያቂው ረጅም ታሪክ፣ ቀጥሎ «በትሕትና እንጠይቃለን»፣ በመጨረሻም ማኅተም። ትንንሽ የማብሰያ ቻናሎች የሚልኩት ኢሜይልም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ልማድ ስለሚጻፍ ከእነዚህ ጋር አብሮ ይደረደራል። የዚህ ክምር ዕጣ ደግሞ ድርጅቱ ለበጎ አድራጎት ካስቀመጣት ጥቂት ገንዘብ አያልፍም። የማስታወቂያው በጀት ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ቻናሉ ግን ርዳታ ፈላጊ አይደለም፤ የሚሸጥ ሥራ አለው። ኢሜይሉ ይህን በመጀመሪያው መስመር ካላስታወቀ የቀረው ሁሉ ቢያምር ዋጋ የለውም። እንዴት እንደሚደረግ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልፍጠር። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት እኅትማማቾች የዩቲዩብ የማብሰያ ቻናል አላቸው እንበል፤ ሰብስክራይበራቸው 9,000 ነው። ሽሮና በርበሬ አሽጎ ለሚሸጥ ድርጅት ከዐቢይ ጾም በፊት የሚከፈልበት ቪዲዮ እንሥራላችሁ ብለው ሊጽፉ አስበዋል።

ከመጻፋቸው በፊት የሚሠሩት ነገር አለ። ሽሮውን ከሱቅ በገንዘባቸው ገዝተው ሁለት ሦስት ጊዜ ይሠሩታል። ሲነሰነስ ይጓጉላል ወይስ አይጓጉልም? ከፈላ በኋላ ይወፍራል ወይስ እንደ ውኃ ይቀጥናል? ጨው ወይም ቅመም በዝቶበታል? ካልጣማቸው ኢሜይሉ አይጻፍም። በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎ ተገኘ የሚል ዜና በተደጋጋሚ በሚሰማበት አገር፣ ተመልካች የታሸገ ባልትና የሚገዛው የሚያምነው ሰው ሲጠቀምበት አይቶ ነው። ያ እምነት አንዴ ከተበላሸ በኋላ ለሌላ ድርጅት የሚሸጥ ነገር አይኖርም።

ከዚያ ቁጥር ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የእኅትማማቾቹ የመጨረሻ አሥር ቪዲዮዎች በመጀመሪያው አንድ ወር ስንት ጊዜ እንደታዩ እንይ። ዘጠኙ ከ1,900 እስከ 4,500 ባለው ውስጥ ናቸው። አሥረኛው የበዓል ዶሮ ወጥ ነው፤ ሰው ተቀባብሎት 61,000 ደርሷል። ሁሉንም ደምረን ለአሥር ብናካፍል 8,920 ይወጣል። ይህን ቁጥር ኢሜይሉ ላይ ማስፈር ያጓጓል፤ የሒሳብ ስሕተትም የለበትም። የገበያ ክፍሉ ሰው ግን ቻናሉን ከፍቶ ወደ ታች ሲያንሸራትት አንዱ ቪዲዮ ብቻ ተራራ፣ ሌላው ሜዳ መሆኑን ወዲያው ያያል። ከዚያ በኋላ የተቀረውንም አያምንም። ቪዲዮዎቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረን መሐሉን ብንወስድ 3,200 ገደማ ነው። የሚጻፈው ይህ ነው፤ ዶሮ ወጡ በአንድ ሐረግ ለብቻው ይጠቀስ።

ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያውም ይበልጣል፤ ተመልካቾቹ የት ናቸው? የአማርኛ የማብሰያ ቻናል ተመልካች ግማሹና ከዚያም በላይ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኤምሬትስ ወይም አሜሪካ ሊሆን ይችላል። የቻናሉ ባለቤት ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ገብቶ በአገር ተከፋፍሎ ያየዋል። የእኅትማማቾቹ ተመልካች 40 በመቶው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ብንል ከ3,200ው 1,280 ያህሉ ብቻ ናቸው ሽሮውን ነገ ከሱቅ ሊገዙ የሚችሉት። ለአዲስ አበባ ሱፐር ማርኬት ብቻ ለሚያቀርብ ድርጅት የቀሩት 60 በመቶ ምንም አይደሉም። ወደ ውጭ ለሚልክ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ባሉ የሐበሻ ሱቆች ምርቱ ለሚገኝ ድርጅት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ ያው ቻናል ለሁለቱ ድርጅቶች የሚጽፈው ሁለት የተለያየ ኢሜይል ነው። አንዱን ጽፎ ስም እየቀያየሩ ለሃያ ድርጅት መላክ የሚያስነቅፈውም ለዚህ ነው።

አሁን ዋጋ። እኅትማማቾቹ ለቀረጻ፣ ለኤዲቲንግና ለአስቤዛ 14,500 ብር ያወጣሉ እንበል፤ የራሳቸውን ድካም ጨምረው 24,000 ብር ሊጠይቁ ነው። ይህን ለ1,280 ስናካፍለው ለአንድ አገር ቤት ላለ ተመልካች 18 ብር ከ75 ሳንቲም ይሆናል። የማስታወቂያ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ቢስቅም አልፈርድበትም። ትንሽ ቻናል የተመልካች ብዛት ሸጦ አያዋጣውም። የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው፤ በባለሙያ እጅ፣ በእውነተኛ ጓዳ ውስጥ የተሠራና የተቀረጸ ሽሮ። ድርጅቱ ይህንኑ ለማስቀረጽ የማስታወቂያ ድርጅት ቢቀጥር ስቱዲዮውና ባለሙያው ተደምሮ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆንበታል። እኅትማማቾቹ ከቪዲዮው ላይ ሦስት አጫጭር ቁራጮች አውጥተው ድርጅቱ በራሱ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለስድስት ወር እንዲጠቀምባቸው ቢፈቅዱ 24,000 ብሩ ውድ መሆኑ ይቀራል። የስድስት ወሩ ገደብ ካልተጻፈ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ፊታቸውን ቢልቦርድ ላይ ሊያገኙት ይችላሉ።

ይህን ሁሉ ይዘው የሚጽፉት ኢሜይል ይህን ይመስላል፦

«ጉዳዩ፦ ለዐቢይ ጾም በእናንተ ሽሮ የሚሠራ ቪዲዮ፣ የሥራ ሐሳብና ዋጋ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የማብሰያ ቻናል የምንሠራ እኅትማማቾች ነን። ሽሮአችሁን ገዝተን ሠርተነዋል፤ ሲነሰነስ አለመጓጎሉን ወደነዋል። ለዐቢይ ጾም ሽሮ ፍትፍትና ተጋቢኖ የምናሳይበት የሰባት ደቂቃ ቪዲዮ በእናንተ ምርት ልንሠራላችሁ እንፈልጋለን።

የምናስረክበው በቻናላችን ላይ የሚወጣ አንድ ቪዲዮና እናንተ በገጻችሁ ለስድስት ወር የምትጠቀሙባቸው ሦስት የ30 ሰከንድ ቁራጮች ነው። ቪዲዮው ጾሙ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይወጣል።

ቪዲዮዎቻችን በመጀመሪያው ወር በተለምዶ 3,200 ጊዜ ያህል ይታያሉ፤ 40 በመቶው ተመልካች ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ያለፈው ዓመት የጾም ቪዲዮአችን ዘንድሮም በፍለጋ እየተገኘ ይታያል፤ ሊንኩ ከታች አለ።

ዋጋው 24,000 ብር ነው፤ ግማሹ ከቀረጻ በፊት ይከፈላል። የንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር አለን፤ ደረሰኝ እንሰጣለን። ቪዲዮው ማስታወቂያ መሆኑን ለተመልካች እንናገራለን። በዚህ ሳምንት ለአሥር ደቂቃ በስልክ ብንነጋገር ደስ ይለናል።»

እዚህ ላይ ያበቃል። የቻናሉ አመሠራረት፣ የእናታቸው ባለሙያነት፣ ወደፊት ሊደርሱበት ያሰቡት ሁሉ የለበትም። ኢሜይሉን የሚከፍተው ሰው ራሱ አይወስንም፤ ለሥራ አስኪያጁ ያስተላልፈዋል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በስልኩ ስክሪን የሚያየው ምን ይሠራሉ፣ መቼ፣ በስንት የሚለውን ነው።

ስለ ፍለጋ የተጻፈችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሁሉ ትበልጥብኛለች። የዘፈን ወይም የቀልድ ቪዲዮ በወጣ ሰሞን ታይቶ ይረሳል። የተጋቢኖ አሠራር ግን የዛሬ ዓመትም ጾም ሲገባ ይፈለጋል፤ ድርጅቱ አንዴ የከፈለበት ቪዲዮ 55ቱን የጾም ቀናት በየዓመቱ ያገለግለዋል። ዐቢይ ጾም አብዛኛውን ጊዜ የካቲት ውስጥ ስለሚገባ ኢሜይሉ በታኅሣሥ መውጣት አለበት። ጥር ላይ ከደረሰ በጀቱ ተከፋፍሏል።

ኢሜይሉ info@ ብሎ ወደሚጀምር አድራሻ ብቻ ከሄደ ማንም ላያየው ይችላል። እሽጉ ላይ ወደታተመው ስልክ ደውሎ የገበያ ክፍል ኃላፊውን አድራሻ መጠየቅ፣ ከላኩም በኋላ በሳምንቱ አንዴ ደውሎ «ደርሶዎታል ወይ?» ማለት እኛ አገር ነውር የለበትም፤ እንዲያውም የሚጠበቅ ነው።

መልስ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው «ምርት እንላክላችሁ» ነው። ሃያ ኪሎ ሽሮ የኤዲተር ደመወዝ አይከፍልም፤ «እናመሰግናለን፣ ለቀረጻ የሚያስፈልገን ሁለት ኪሎ ነው፤ ዋጋው ግን እንዳለ ነው» ማለት ይቻላል። ዋጋው በዛ ካሉ ብሩን ከመቀነስ ሥራውን መቀነስ ይሻላል፤ ሦስቱ ቁራጮች ይቅሩና 16,000 ብር ይሁን። ያለ ምክንያት ከ24,000 ወደ 16,000 የወረደ ሰው የመጀመሪያውን ዋጋ ከየት አመጣው?

ሌላው አስቸጋሪ መልስ «ንግግሩን እኛ ጽፈን እንሰጣችኋለን» የሚለው ነው። ስለ ምርቱ ስምና ስለ እሽጉ መጠን መጻፍ መብታቸው ነው። «ምንም ባዕድ ነገር የሌለበት» ወይም «ስኳር በሽታን የሚከላከል» የሚል ከመጣበት ግን እኅትማማቾቹ እንቢ ማለት አለባቸው። ላቦራቶሪ የላቸውም። በምጣድና በድስት ያዩትን፣ የቀመሱትን ብቻ ሊመሰክሩ ይችላሉ። እርማትም ገደብ ይፈልጋል፤ አንድ ዙር በዋጋው ውስጥ፣ ከዚያ በላይ በተጨማሪ ክፍያ።

ማስታወቂያ መሆኑን መናገር ለአንዳንዱ ድርጅት አይዋጥለትም። ዩቲዩብ ግን ቪዲዮ ሲጫን የሚከፈልበት ማስተዋወቅ ካለው ሳጥኑ እንዲመረጥ ያስገድዳል፤ ሲመረጥ በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ለአሥር ሰከንድ ጽሑፍ ይወጣል። አሜሪካ የሚኖር የቻናል ባለቤት ከሆነ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ከዚህ የበለጠ ይጠብቅበታል፤ በቪዲዮው ማብራሪያ ሥር ብቻ መጻፍ አይበቃም፣ ራሱ ቪዲዮው ውስጥ በግልጽ መነገር አለበት።

ስለ ደረሰኝ ኢሜይሉ ላይ መጻፉ ትንሽ ነገር ይመስላል። የሒሳብ ክፍሉ ግን ያለ ደረሰኝ የወጣን ገንዘብ ወጪ ብሎ መያዝ አይችልም፤ ብዙ ስምምነት የሚፈርሰው ቪዲዮው ካለቀ በኋላ እዚህ ላይ ነው። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ቲን ቁጥር ካላቀረበ አቅራቢ ክፍያ ላይ 30 በመቶ ተቀንሶ ይያዛል። ከ24,000 ብር 7,200 ማለት ነው።

ሥራው ከወጣ ከአንድ ወር በኋላ እኅትማማቾቹ ሳይጠየቁ አንድ አጭር ሪፖርት ይልካሉ፤ ስንት ጊዜ ታየ፣ ከየትኛው አገር፣ ተመልካቹስ የት ደቂቃ ላይ ወጣ። የመጨረሻውን የሚያሳየው መስመር የሽሮው እሽግ በታየበት ቦታ በድንገት ካላቆለቆለ ሰው ማስታወቂያውን አልዘለለውም ማለት ነው። ካቆለቆለም አብሮ ይላካል፤ በሚቀጥለው ጾም እሽጉ ከመክፈቻው ላይ ተነሥቶ ሽሮው ሲነሰነስ እንዲታይ ለመነጋገር የሚያስችለው ያ ነው።