ቅርንጫፉን ከየት ወዴት እናንብብ?

ከረጢት ውስጥ 3 ቀይና 2 ነጭ ብዮች አሉ። ሳያዩ አንድ ብይ ያወጣሉ፤ እሱን ሳይመልሱ ሌላ ይደግማሉ። ሁለቱ ብዮች የተለያየ ቀለም የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው? ከጥያቄው ጎን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣ ሥዕል አለ።

ከመነሻው በሚወጡት ሁለት ቅርንጫፎች ላይ 3/5 እና 2/5 ተጽፏል። ስሕተት የሚበዛው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ከ«ቀይ» ተነሥቶ ወደ «ነጭ» በሚሄደው መስመር ላይ ያለው 2/4 የሚሠራው መጀመሪያ ቀይ ከወጣ ብቻ ነው፤ ተነጥሎ መልስ አይሆንም። ታችኛው ቁጥር ወደ 4 የወረደው ከረጢቱ ውስጥ የቀሩት ብዮች 4 ስለሆኑ ነው። እዚያም 5 ተጽፎ ካዩ፣ የሣለው ሰው ብዩ እንደተመለሰ ቆጥሯል።

በአንድ መንገድ ላይ የተከታተሉ ቁጥሮች ይባዛሉ። ቀይ ቀድሞ ነጭ ሲከተል 3/5 × 2/4 = 6/20፤ ነጭ ሲቀድም ደግሞ 2/5 × 3/4 = 6/20። ሁለቱም መንገዶች የተለያየ ቀለም ስለሚሰጡ ይደመራሉ፤ መልሱ 12/20 ወይም 3/5 ነው።

የቀሩት መንገዶች ሁለት ቀይ 6/20፣ ሁለት ነጭ 2/20 ናቸው። አራቱ ተደምረው 1 ካልሞሉ አንድ ቦታ ተሳስቷል። 1 መሙላቱ ግን ብዩ መመለስ አለመመለሱን አይነግርም፤ እሱን ከሥዕሉ በፊት ከጥያቄው ያንብቡ።